የትምህርት ቤት ቡድን በጨዋታ ቀን ምን ይብላ፣ ምን ይጠጣ? ከዋዜማው ማታ እስከ እራት

ይህን የምጽፈው ወሎ ውስጥ የትምህርት ቤት ቡድን ለያዛችሁ የስፖርት መምህራንና ለቡድን አምበሎች ነው። ችግሩ በየዓመቱ ይደገማል። የመጀመሪያው አጋማሽ ጥሩ ነው። ከዕረፍት በኋላ እግር ይከብዳል፣ አንዱ ሆዱን ይዞ ይቀመጣል፣ ሌላው ራሱን ያመዋል። ሰው "ልምምድ አንሷቸዋል" ይላል። እኔም ለዓመታት እንደዚያ ብዬ ሩጫ እጨምርባቸው ነበር። በኋላ አንድ ቀን የበሉትንና የጠጡትን እያንዳንዳቸውን ጠየቅኳቸው። አብዛኞቹ ከጠዋቱ ሻይ በኋላ ውሃ አልቀመሱም። ምሳቸውን ደግሞ መኪና ልንሳፈር ስንል ነበር ጠግበው የበሉት።

መመሪያው የሚከተለው አንድ የጨዋታ ቀን ነው፤ ከደሴ ተነስቶ ኮምቦልቻ ላይ 9 ሰዓት የሚጫወት ቡድን። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ደግሞ 1850 አካባቢ። ደሴ ላይ ብርዱ ጥማትን ይደብቃል። ልጁ ሳይጠማው፣ ግን ውሃ ጎድሎት ቁልቁል ይወርድና ሙቀት ውስጥ ይገባል። ወደ ቆቦ ወይም ወደ ከሚሴ የምትጓዙም ይህንኑ ተከተሉ።

አስቀድማችሁ የምታዘጋጁት

- ለእያንዳንዱ ልጅ ስም የተጻፈበት የግማሽ ሊትር ሃይላንድ። አንድ ኩባያ ለሁሉም አታዙሩ፤ አንዱ ጉንፋን ከያዘው በሳምንቱ ግማሹ ቡድን ይተኛል።
- ተፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም በማከሚያ የታከመ ውሃ፣ በንጹሕ ጀሪካን። ለ18 ልጅ 30 ሊትር ያዙ። የሚተርፈው ፊት መታጠቢያ ይሆናል።
- ስኳር፣ ጨው፣ ሁለት ሦስት ሎሚ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያና አንድ የሻይ ማንኪያ።
- ሙዝና ዳቦ፣ ለአንድ ልጅ ሁለት ሙዝና ሁለት ትንንሽ ዳቦ ሂሳብ።
- ሚዛን። ትምህርት ቤቱ ከሌለው ከጤና ጣቢያ ወይም ከመንደር ሱቅ ተዋሱ።

## ደረጃ 1፦ ከጨዋታው ሳምንት በፊት ላባቸውን ለኩ

ይህን በስፖርት ክፍለ ጊዜ ውስጥ እንደ ትምህርት ስጡት። ተማሪዎቹ ራሳቸው ይመዝኑ፣ ራሳቸው ያስሉ። ከእኛ ምክር ይልቅ በገዛ እጃቸው የጻፉትን ቁጥር ያምናሉ።

1. ልጁ ሽንት ቤት ይሂድ። ጫማውን አውልቆ በቁምጣና በቲሸርት ይመዘን። ቁጥሩን ጻፉ።
2. ልምምዱን ወይም የወዳጅነት ጨዋታውን ይሥራ። የጠጣውን ውሃ በሃይላንዱ ለኩ።
3. ሲጨርስ ላቡን በፎጣ ይጥረግ፣ የራሰ ቲሸርቱን ይቀይር፣ እንደገና ይመዘን።
4. የቀነሰው ክብደት ላይ የጠጣውን ደምሩ። አንድ ኪሎ ማለት አንድ ሊትር ነው።

በአንድ ልጅ ላይ እንየው። ክንፍ ላይ የሚጫወት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ከማሟሟቂያው በፊት 50 ኪሎ መዘነ። ከጨዋታው በኋላ 48.8 ሆነ። መሐል ላይ የጠጣው 0.3 ሊትር ብቻ ነበር። የቀነሰው 1.2፣ የጠጣው 0.3፤ ስለዚህ 1.5 ሊትር አልቦታል ማለት ነው።

አሁን ከክብደቱ ጋር አስተያዩት። ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ በላይ ሲጎድል ሩጫው ይዳከማል፣ ትኩረትም ይቀንሳል። የ50 ኪሎ ልጅ 2 በመቶው 1 ኪሎ ነው። ይህ ልጅ መስመሩን አልፏል። መጨረሻ ላይ ኳስ ከእግሩ እያመለጠችው የነበረው ለዚህ ነው።

*ልጁ ክብደት ከጨመረ፦* ከላቡ በላይ ጠጥቷል። ይሄ ጥሩ ምልክት አይደለም። ውሃ ከመጠን ሲያልፍ በደም ውስጥ ያለውን ጨው ያቀጥነዋል፤ ማቅለሽለሽና ከባድ ራስ ምታት ያመጣል። በሚቀጥለው ጊዜ ይቀንስ። "በርታ፣ ጠጣ" እያላችሁ አታስጨንቁት።

*ሚዛን ካልተገኘ፦* የሽንት ቀለም ይበቃል። ፈዛዛ ቢጫ ደህና ነው። እንደ ጠላ ወይም እንደ ጠቆረ ሻይ ከሆነ ውሃ ጎድሏል። ጠዋት እንደተነሱ የሚመጣው ሁልጊዜ ጠቆር ስለሚል በእሱ አትፍረዱ፤ ረፋድ ላይ ያለውን እዩ።

## ደረጃ 2፦ የዋዜማው እራት

እዚህ ላይ ብዙ አትጨነቁ። ቤት የተሠራው እንጀራ በሽሮ፣ በምስር ወይም በድንች ወጥ በቂ ነው። የጤፍም የማሽላም እንጀራ ይሆናል። ቁም ነገሩ ልጁ እስኪጠግብ መብላቱ ነው፤ ጡንቻው ለነገ የሚያስቀምጠውን ጉልበት ከዚህ እራት ይወስዳል። ከእራቱ ጋር ሁለት ብርጭቆ ውሃ ይጠጣ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ወላጅ "ነገ ጨዋታ አለው" ብሎ ሥጋ ይገዛል፣ ቅቤውን ያበዛል። ፍቅር ነው፤ ግን ያልለመደው ቅባት ሌሊቱን ሆዱን ይረብሸዋል። ሥጋው ከጨዋታው በኋላ ይሁንለት።

## ደረጃ 3፦ ቁርስ፣ 1 ሰዓት ላይ

ሻይ በዳቦ፣ ቅንጬ ወይም ፍርፍር ይብላ። እንቁላል ያለው ቤት አንድ ይጨምር። ከሻዩ ሌላ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይጠጣ። ሻዩ ውሃ ነው፤ ግን ትንሽ ብርጭቆ ሻይ ለግማሽ ቀን አይበቃም።

በሶ የሚወድ ልጅ ካለ ሰዓቱ አሁን ነው። ሦስት የሾርባ ማንኪያ በሶ በአንድ ትልቅ ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ይበጥብጥ፤ ስኳር ወይም ማር ይጨምርበት። በሶ ርካሽና ጥሩ ጉልበት ነው። ገብሱ ግን አሰር ስላለው ከሆድ ቶሎ አይወጣም። ለዚህ ነው ጨዋታው ሲቃረብ የማልሰጠው። ጭብጦም እንዲሁ። ጩኮ ደግሞ ቅቤ ስላለው ለጨዋታ ቀን ጭራሽ አይሆንም።

ረፋዱ ላይ የሚጠፋው ውሃ

ከሁሉም በላይ ቡድኖች የሚበላሹት ከ2 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ልጁ ክፍል ውስጥ ነው፣ አይጠማውም፣ ቧንቧውም ብዙ ጊዜ ውሃ የለውም። ስም የተጻፈበትን ሃይላንድ ጠዋት ሞልታችሁ ስጡት። በረፍት ሰዓት ባዶውን ያሳያችሁ።

ሴት ተጫዋቾች ካሏችሁ ይህን ልብ በሉ። ብዙዎቹ ሆን ብለው አይጠጡም፤ ሽንት ቤቱ ስለማይመች ወይም በር ስለሌለው። "ጠጡ" ማለት ብቻ ዋጋ የለውም። የመምህራን ሽንት ቤት ቁልፍ ለዚያ ቀን አስፈቅዱላቸው። የምትሄዱበት ሜዳ አጠገብም የት መጠቀም እንደሚቻል አስቀድማችሁ ጠይቁና ንገሯቸው። እኔ ይህን ካደረግኩ በኋላ ነው የሴቶች ቡድናችን ራስ ምታት የቀነሰው።

## ደረጃ 4፦ ምሳ፣ 5፡30 ላይ

ጨዋታው 9 ሰዓት ነው። ምሳ ከጨዋታው 3 ሰዓት ተኩል ቀደም ብሎ መበላት አለበት። ስለዚህ 5፡30። ለዚህ ርእሰ መምህሩን ከሁለት ቀን በፊት አናግሩ፤ ልጆቹ ከክፍል ግማሽ ሰዓት ቀድመው ይውጡ። በተለመደው ሰዓት ወጥተው ቤት ደርሰው ሲመለሱ 7 ሰዓት ያልፋል፤ ምግቡም ሜዳ ድረስ አብሯቸው ይሮጣል።

ምሳው በምሳ ዕቃ ይምጣ። ለ50 ኪሎው ልጅ አንድ ተኩል እንጀራ በቀጠነ ሽሮ ወይም በድንች አልጫ ይበቃዋል። ዘይትና በርበሬ ይቀነስ። የተቀቀለ ድንች ወይም መኮሮኒም ይሆናል። ጥሬ ጎመን፣ የሽምብራ ቆሎና የባቄላ ንፍሮ በዚህ ሰዓት ይቅር፤ ሆድ ይነፋሉ። ሳምቡሳና ቦንቦሊኖም ይቅር። ዘይታቸው ሆድ ውስጥ ይቆያል።

ከምሳው ጋር 300 ሚሊ ሊትር ውሃ ይጠጣ፤ የግማሽ ሊትሩ ሃይላንድ ከግማሽ ትንሽ ከፍ ይላል። 7 ሰዓት ላይ ሽንቱ አሁንም የጠቆረ ከሆነ 200 ይጨምር።

*ምሳው ከዘገየ፦* 7 ሰዓት ሆኖ ልጁ ካልበላ እንጀራውን አታስበሉት። አንድ ትንሽ ዳቦ፣ አንድ ሙዝና ስኳር ያለው ሻይ ስጡት። ምሳ ዕቃው ይዘጋና ለማታ ይቆይ።

*ልጁ ምሳ የሌለው ከሆነ፦* ይህ ያጋጥማል፤ ልጁም አይናገርም። በሰው ፊት አትጠይቁት። ለሁሉም የሚሆን ዳቦና የተቀቀለ ድንች በቡድኑ ስም አዘጋጁ። ሁሉም እኩል ሲበላ ማንም አይለይም።

## ደረጃ 5፦ መንገዱና ከጨዋታው በፊት ያለው አንድ ሰዓት

ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ ጠመዝማዛ ነው። ሆዱ የሚገላበጥበት ልጅ ፊት ወንበር ይቀመጥ፤ መኪና ውስጥ ማንም አይብላ።

8 ሰዓት ላይ ስትደርሱ አንድ ሙዝ ወይም ግማሽ ዳቦ በማር ስጡ። ከዚህ በላይ አያስፈልግም። ማርመላታም ይሆናል። እንቁላል ወይም ኦቾሎኒ አሁን አይሆንም።

ከዚያ መጠጡን በጥብጡ፦

1. ንጹሕ እጅ፣ ንጹሕ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ።
2. 10 ልሙጥ የሾርባ ማንኪያ ስኳር። ልሙጥ ማለት ላዩ በቢላ የተላገ።
3. ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው።
4. የአንድ ሎሚ ጭማቂ፣ ለጣዕም።
5. ውሃ ሞልታችሁ ስኳሩ እስኪሟሟ ነቅንቁ። በዚያው ቀን ይለቅ፤ የተረፈውን ድፉ።

ቅመሱት። ከእንባ የበለጠ ጨዋማ ከሆነ ተሳስታችኋል፤ ድፉትና እንደገና ጀምሩ። በጣም ከጣፈጠም ሆድ ውስጥ ይቆያል፣ ውሃውም ቶሎ አይገባም። ለስላሳ መጠጥ በጨዋታ መሐል የማልሰጠው ስኳሩ የዚህን እጥፍ ያህል ስለሆነና ጋዙ ሆድ ስለሚነፋ ነው።

ይህ መጠጥ ከአንድ ሰዓት በላይ ለሚቆይ ጨዋታና ለሙቀት ነው። ደሴ ላይ ለ45 ደቂቃ ልምምድ ተራ ውሃ ይበቃል፤ ስኳራችሁን አታባክኑ። ተቅማጥ ለያዘው ልጅ ደግሞ ይህን አትስጡ። ለእሱ የሚሆነው ከጤና ጣቢያ የሚገኘው ኦአርኤስ ነው፤ የስኳሩና የጨው መጠኑ ሌላ ነው። ተቅማጥ ያለበት ልጅ ጨዋታም አይገባም።

## ደረጃ 6፦ በጨዋታው ውስጥ

የ50 ኪሎው ልጅ ባለፈው 0.3 ሊትር ብቻ ነው የጠጣው። አሁን 0.7 እናድርስለት። እንዲህ ተከፋፈለ፦ ከማሟሟቂያ በኋላ 200 ሚሊ ሊትር፣ በዕረፍት 300፣ ጨዋታ በቆመ ቁጥር ከመስመር ዳር ጉንጭ ጉንጭ፣ በሁለቱ አጋማሽ ተደምሮ 200። 1.5 ቢያልበው የሚጎድለው 0.8 ብቻ ነው። ከ1 ኪሎው መስመር በታች ቆመ ማለት ነው። የላበውን ሁሉ ለመተካት አትሞክሩ፤ የሚሮጥ ሆድ አይችልም።

በዕረፍት ሰዓት ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። መጀመሪያ ጥላ፣ ከዚያ መጠጥ፣ ከዚያ ንግግር። እኛ አሠልጣኞች ተቃራኒውን እናደርጋለን። አሥር ደቂቃ እንቆጣለን፤ ልጆቹ ፊሽካ ሲነፋ ተሯሩጠው ግማሽ ሊትር በአንድ ትንፋሽ ይጨልጣሉ። ጎን የሚወጋው ያኔ ነው።

*ጎን ከወጋው፦* ፍጥነቱን ይቀንስ፣ በረጅሙ ይተንፍስ። ለአሥር ደቂቃ ያህል አይጠጣ።

*ባቱ ከተኮማተረ፦* ወዲያው ጨው አታቅሙት። አብዛኛውን ጊዜ የደከመ ጡንቻ ነው። ጉልበቱን ዘርግታችሁ የእግሩን ጣቶች ወደ ፊቱ አቅጣጫ ቀስ ብላችሁ ግፉ፤ እስኪለቅ ያዙት። ከዚያ መጠጡን ስጡት። ከተመለሰበት ይውጣ።

*ካስታወከው፦* አፉን ይጉመጥመጥ፣ ጥላ ይቀመጥ፣ አሥር ደቂቃ ቆይቶ በትንሽ በትንሹ ይጠጣ። ወደ ሜዳ አይመለስ።

ጨዋታ የሚያስቆሙ ምልክቶች

ልጁ ከተንገዳገደ፣ የሚናገረው ካልተያያዘ፣ ስሙን ወይም ውጤቱን ሲጠየቅ ግራ ከተጋባ፣ ቆዳውም እንደ እሳት ከሆነ ሙቀት መትቶታል። ቢያልበውም እንኳ ሊሆን ይችላል። ለ"ትንሽ ይረፍ" ጊዜ የለም። ጥላ ውስጥ አስተኙት፤ ማልያውን አውልቁ፤ ጀሪካኑን ሙሉ ሰውነቱ ላይ አፍስሱ፤ በልብስም አራግቡ። እያቀዘቀዛችሁ መኪና ጥሩና ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ራሱን ለሳተ ወይም ግራ ለተጋባ ልጅ በአፉ ምንም አትስጡ።

## ደረጃ 7፦ ከፊሽካው በኋላ

ከጨዋታው በኋላ መኪናው ይጠብቃል፣ ሁሉም ይቸኩላል። ቢሆንም በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ የቀረውን ሙዝና ዳቦ አብሉ። አሁን ቆሎም ይሆናል፤ በመንገድ ላይ እየቆረጠሙ መሄድ ይችላሉ።

የውሃው ሂሳብ እንዲህ ነው። የጎደለውን ክብደት በ1.5 አባዙ። 0.8 ኪሎ የጎደለው ልጅ 1.2 ሊትር ይጠጣል። በአንዴ አይደለም፤ እስኪተኛ ድረስ ባሉት ሰዓታት ውስጥ። ከተነነው በላይ የሚሆነው ከፊሉ በሽንት ስለሚወጣ ነው። ጨው ያለው ወጥ አብሮ ሲበላ ውሃው ሰውነት ውስጥ ይቆያል።

እራት ላይ ጡንቻ የሚጠግን ምግብ ይኑር። ሁለት እንቁላል በዳቦ ጥሩ ነው። ጾም ከሆነ ወይም እንቁላል ከሌለ ምስር ወጥ ወይም ወፈር ያለ ሽሮ በእንጀራ፣ ከተለመደው እጥፍ ጭልፋ። ወተት ያለው ቤት አንድ ብርጭቆ ይጨምር። ሻዩ ከእራቱ አንድ ሰዓት ይራቅ። ከምግብ ጋር ሲጠጣ ከምስሩና ከሽሮው ያለው ብረት ወደ ደም በደንብ እንዳይገባ ያደርጋል፤ የወር አበባ ለሚያዩ ልጃገረዶች ደግሞ ብረት ያስፈልጋል።

## ጨዋታው ጾም ላይ ከዋለ

በአንድ ቡድን ውስጥ የክርስቲያንም የሙስሊምም ልጆች አሉ። ስለዚህ በዓመት ብዙ ጊዜ ያጋጥማችኋል። "ጹም" ወይም "ግደፍ" ማለት የእኛ ድርሻ አይደለም። ማን እንደሚጾም ለብቻ ጠይቁና ዕቅዱን አስተካክሉ።

የሁዳዴ ጾም ላይ ያለ፣ ግን ጠዋት የሚበላ ልጅ ችግር የለበትም። ከላይ ከዘረዘርኩት እንቁላልና ወተት ብቻ ይወጣሉ፤ ምስርና ሽሮ ይተካሉ። እስከ 9 ሰዓት የሚጾምና በረመዳን የሚጾም ልጅ ግን ባዶ ሆድና ደረቅ ሰውነት ይዞ ነው የሚመጣው።

1. አዘጋጆቹን ቀድማችሁ ለምኑ፤ ጨዋታው ወደ 11 ሰዓት ይሂድ። ፀሐይ ሲበርድና ኢፍጣር ሲቀርብ ይሻላል።
2. በረመዳን ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ውሃውን ከፋፍሎ ይጠጣ፤ በየሰዓቱ አንድ ብርጭቆ። ሱሑር ላይ እንጀራ በሽሮ ወይም ገንፎ ይብላ፤ ጨውና በርበሬ ይቀንስ።
3. ማሟሟቂያውን በጥላ ውስጥ አሳጥሩለት። አንድ አጋማሽ ብቻ ይጫወት።
4. መጠጣት ስለማይችል የ2 በመቶውን መስመር ቶሎ ያልፋል። ከዕረፍት በፊትም ቢሆን ዓይኑን እዩ፤ ከደበዘዘ ቀይሩት።
5. ኢፍጣሩን ሜዳ ላይ ይዛችሁለት ሂዱ፦ ተምር፣ ውሃ፣ ዳቦ። አዛን ሲል መኪና ውስጥ ባዶ እጁን እንዳይሆን።

በማግስቱ ጠዋት ልጆቹን እንደገና መዝኑ። ከጨዋታው በፊት ከነበረው ከግማሽ ኪሎ በላይ የሚያንስ ልጅ ካለ ማታ አልጠጣም ወይም አልበላም ይሆናል። የዚያን ቀን ልምምድ አይሥራ፤ ቁርሱን አብሉትና ለብቻ አነጋግሩት።